«ጎባ?» እና «ጎባ»፦ ድምፃችን ከፍና ዝቅ ሲል የሚለውጠው ትርጉም

ሮቤ መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱን «ጎባ?» ብለን እንጠይቃለን። እሱም «ጎባ» ብሎ ይመልሳል። ቃሉ አንድ ነው፤ የእኛ ድምፅ መጨረሻው ላይ ሽቅብ ወጣ፣ የእሱ ደግሞ ወረደ። ሽቅቡ ጥያቄ፣ ቁልቁሉ መልስ ሆነ።

በአማርኛ «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልለትን ጥያቄ ያለ ምንም ተጨማሪ ቃል በድምፅ ብቻ መጠየቅ እንችላለን። «ስብሰባው ቀረ» ስንል «ቀረ» ላይ ድምፃችን ከወረደ ዜና ነው፣ ከወጣ ጥያቄ ነው። «መቼ» እና «የት» ያለባቸው ጥያቄዎች ግን መጠየቂያው ቃል ራሱ ስለሚናገር፣ ብዙ ጊዜ ድምፃችን ቃሉ ላይ ከፍ ይልና ወደ መጨረሻው ይወርዳል።

አፋን ኦሮሞ ሌላም ምልክት ይጨምራል። «ጎባ ዴምታ» ብለን ስንጠይቅ የመጨረሻዋ አናባቢ ትረዝማለች። በቁቤ ሲጻፍም ፊደሏ ስለምትደረብ፣ ጥያቄነቱ በጽሑፍ ላይ ይታያል። አማርኛ ግን ድምፁን በፊደል አያሳይም።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በቡድናችን የስልክ መልእክት ላይ አንድ ወንድም ለመጠየቅ ፈልጎ «የዛሬው ፕሮግራም ቀረ» ብሎ ጻፈ። የጥያቄ ምልክት አላደረገም። ያነበቡት ድምፃቸውን አውርደው አነበቡትና ብዙዎቹ ከዶርም ሳይወጡ ቀሩ። የመጡት ጥቂቶች አዳራሹ ውስጥ ሲጠብቁ ቆዩ። «ቀረ ወይ?» ቢል ኖሮ «ወይ» የምትለው ቃል የድምፁን ሥራ ትሠራለት ነበር። «ቀረ እንዴ?» ቢል ደግሞ መገረሙም ጭምር ይሰማ ነበር።

ስንዘረዝርም እንዲሁ ነው። «ከሮቤ፣ ከጎባ፣ ከጎሮ፣ ከጊኒር» ስንል እስከ ጎሮ ድረስ በየስሙ መጨረሻ ድምፃችንን አንጠልጥለን ጊኒር ላይ እናወርዳለን። ያ መውረድ «አበቃ» ማለት ነው። ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው የመጨረሻውን ስም አንጠልጥሎ ከተወው፣ ሰሚው ቀጣዩን ስም ይጠብቃል። መሃል ላይ ካወረደ ደግሞ ያለቀ መስሎት መስማቱን ይተዋል።

የልብንም ሁኔታ ድምፅ ያወጣዋል። «እሺ» አጭርና ወራጅ ሲሆን መስማማት ነው። ሽቅብ ሲሳብ «ከዚያስ?» ማለት ነው። ዝቅ ብሎ ሲጎተት ደግሞ ሳይወዱ መቀበል ነው። በጽሑፍ ሦስቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ከጓደኛችን «እሺ» የሚል መልእክት ሲደርሰን፣ ቅሬታ የሰማን መስሎን ከመቀየማችን በፊት ያንን ድምፅ ከራሳችን ጨምረንበት እንደሆነ እንጠይቅ፤ ከተጠራጠርንም እንደውልለት።