ያልታደሰ ሰርተፊኬትና ከሲሶ በላይ የወረደው አክሲዮን

የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኪፋክስ የ143 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ እንደተዘረፈበት ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2017 ነበር። ቁጥሩ በኋላ ወደ 147 ሚሊዮን አድጓል። በዚያን ዕለት ገበያው ሲዘጋ 142 ዶላር ከ72 ሳንቲም የነበረው የአንድ አክሲዮን ዋጋ በስምንተኛው ቀን ወደ 93 ዶላር ገደማ ወረደ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሪቻርድ ስሚዝ በዚያው ወር ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከክፍለ ግዛቶች ጋር ቢያንስ 575 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ሁለት ተራ ሥራዎች አሉ። አንደኛው በጊዜው ያልተለጠፈ የሶፍትዌር መጠገኛ፣ ማለትም ባለሙያዎቹ ፓች የሚሉት ነው። ሁለተኛው በጊዜው ያልታደሰ ዲጂታል ሰርተፊኬት ነው። ሁለቱም እንደ ንግድ ፈቃድና እንደ ተሽከርካሪ ቦሎ ቀናቸውን ጠብቀው የሚመለሱ ሥራዎች ናቸው። ልዩነቱ ቦሎ ያላሳደሰን ባለመኪና ትራፊክ ፖሊስ ማስቆሙ ነው። ኢኪፋክስን ግን ያስቆመው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። አፓቺ ስትረትስ በተባለው ሶፍትዌር ላይ የተገኘው ቀዳዳና መጠገኛው ይፋ የተደረጉት እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2017 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የኢኪፋክስ የደኅንነት ክፍል ሶፍትዌሩን የሚጠቀም ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲጠግን ከ400 ለሚበልጡ ሠራተኞች በኢሜይል አሳሰበ። ሆኖም ሶፍትዌሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ባለሙያ በኢሜይሉ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ማሳሰቢያው ለ400 ሰው ተልኮ ለማንም ያልተሰጠ ሥራ ሆነ ማለት ይቻላል። ቀዳዳውን ለመፈለግ የተደረገው ቅኝትም ሳያገኘው አለፈ። ዘራፊዎቹ በሜይ 13 ገቡ።

ከገቡ በኋላ ሊያዩአቸው ይገባ የነበረው መሣሪያ ወደ ውጭ የሚወጣውን የተመሰጠረ መረጃ ፈትቶ የሚመረምር ነው። ይህ መሣሪያ ሥራውን የሚሠራው ያልተቃጠለ ሰርተፊኬት ሲኖረው ብቻ ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ግን ሰርተፊኬቱ ካለፈበት 19 ወር ሆኖት ነበር። ጊዜው ሲያልፍ መሣሪያው አልቆመም፣ አልጮኸም። መረጃውን ሳይመረምር ማሳለፉን ቀጠለ። ሰርተፊኬቱ በጁላይ 29 ሲታደስ አጠራጣሪው እንቅስቃሴ ወዲያውኑ ታየ፤ ዘራፊዎቹ ግን እስከዚያ ድረስ 76 ቀን ቆይተዋል።

ሰርተፊኬት ሲቃጠል ሁልጊዜ እንዲህ ዝም አይልም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 2018 በኤሪክሰን ሶፍትዌር ውስጥ የነበረ አንድ ሰርተፊኬት ጊዜው ሲያልፍ በብሪታንያ የኦቱ፣ በጃፓን የሶፍትባንክ ደንበኞች የሞባይል አገልግሎት ተቋረጠባቸው። እንዲህ ያለው ጉዳት ከባድ ቢሆንም በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል፣ ይጠገናልም። ለባለሀብት የሚያስፈራው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ አገልግሎቱ እየሠራ፣ ጥበቃው ብቻ የቆመበት።

ለመሆኑ እንዲህ ያሉ ሥራዎች እንዳይረሱ ምን ይደረጋል? መነሻው መዝገብ ነው። በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ቢሆንም ይበቃል። በእያንዳንዱ መስመር ሥራው፣ የሚቀጥለው ቀን፣ ባለቤቱና ምትኩ፣ እንዲሁም ሥራው መሠራቱ የሚታወቅበት ማስረጃ ይጻፋል። ብዙ ድርጅቶች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጽፈው የኋለኞቹን ይተዋሉ። ባለቤቱ በሰው ስም ብቻ ከተመዘገበ ሰውየው ሥራ በለቀቀ ማግሥት ማስታወሻው ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ይሄዳል። ስለዚህ የሥራ መደቡ ይጻፋል፣ ማስታወሻውም ለጋራ አድራሻ ይላካል። ሰርተፊኬቱ ሊያልፍበት 30 ቀን ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ 14 ቀን ሲቀረው ሌላ ጊዜ ይላክና 7 ቀን ሲቀረው ሥራው ካልተዘጋ ወደ አለቃው ይሻገራል።

ማስረጃው ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። አዲሱ ሰርተፊኬት ተገዝቶ ፋይሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አገልግሎቱ እንደገና ባለመነሳቱ አሮጌውን ማቅረቡን የሚቀጥልበት ጊዜ አለ። በመዝገቡ ላይ "ታድሷል" ተብሎ ይጻፋል፤ ደንበኛው ግን በቀኑ የስህተት ማስጠንቀቂያ ያያል። ስለሆነም መስመሩ መዘጋት ያለበት ደረሰኝ ታይቶ ሳይሆን፣ ከድርጅቱ ውጭ ካለ ኮምፒዩተር ድረ ገጹ ተከፍቶ የሰርተፊኬቱ የማብቂያ ቀን ሲነበብ ነው።

ወርኃዊው ጥገና ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ መጠገኛዎቹን የሚያወጣው በየፈረንጅ ወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ነው። ይህ ቀን ከ8 እስከ 14 ባለው ውስጥ ይወድቃል፣ ልዩነቱም አንዳንዴ 28፣ አንዳንዴ 35 ቀን ነው። "በየ30 ቀኑ" ወይም "በወር በገባ በ10" ብሎ የመዘገበ ሰው አንዳንድ ወር መጠገኛው ሳይወጣ ሥራውን ሠርቻለሁ ብሎ ይዘጋል። በእኛ አቆጣጠር የመዘገበውም እንዲሁ ይንሸራተታል፤ ጳጉሜን ሲጨመርማ ይብሳል። መጠገኛው የሚወጣው በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ስለሆነ እዚህ ላለ መሥሪያ ቤት ሥራው የሚጀምረው ረቡዕ ጠዋት ነው። በመጀመሪያ በጥቂት ኮምፒዩተሮች ተሞክሮ፣ ችግር ካልታየ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። እንደ ኢኪፋክሱ ያለ ድንገተኛ መጠገኛ ግን ወሩን አይጠብቅም፤ የራሱ መስመርና የራሱ ባለቤት ያስፈልገዋል።

ጉዳዩ ከዚህ በኋላ እየጠበበ የሚሄድ ነው። ሰርተፊኬት ሰጪዎችና የኢንተርኔት ማሰሻ አምራቾች እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ባሳለፉት ውሳኔ መሠረት ለሕዝብ ድረ ገጾች የሚሰጥ ሰርተፊኬት ከፍተኛ ዕድሜ ከ398 ቀን ተነስቶ ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ 200፣ በ2027 100፣ በ2029 ደግሞ 47 ቀን እንዲሆን ተወስኗል። ሒሳቡን ለማየት ድረ ገጽ፣ ኢሜይልና የቅርንጫፍ መገናኛዎች ያሉትን፣ በጠቅላላው 12 ሰርተፊኬት የሚጠቀም አንድ አስመጪ ድርጅት እንውሰድ። ዛሬ ነገ ሲል በዓመት 12 ጊዜ ያሳድስ የነበረው ለእያንዳንዱ 8 ጊዜ፣ በድምሩ 96 ጊዜ ማሳደስ ይኖርበታል። ይህ በእጅ የሚሠራ አይደለም፤ በራሱ እንዲታደስ ማድረግ ግድ ነው። ያኔ በመዝገቡ የሚጻፈው ሥራ "አድስ" መሆኑ ቀርቶ "መታደሱን አረጋግጥ" ይሆናል።

ሰጪው ያስታውሰኛል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። በነፃ ሰርተፊኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የማብቂያ ቀን ሲቃረብ ይልክ የነበረውን ኢሜይል እ.ኤ.አ. በጁን 2025 አቁሟል።

መዝገቡ ራሱ ወሰን አለው፤ ያልተመዘገበን ነገር አያስታውስም። በድርጅቱ የድረ ገጽ ስም ለሕዝብ የተሰጡ ሰርተፊኬቶች ለሁሉም ክፍት በሆኑ የኢንተርኔት መዝገቦች ላይ ስለሚሰፍሩ የተረሳውን ከዚያ ማግኘት ይቻላል። ለውስጥ አገልግሎት የተሠሩት ግን እዚያ አይገኙም፤ እነሱን በድርጅቱ መሣሪያዎች ላይ መፈለግ ያስፈልጋል። ኮሚቴው በኢኪፋክስ ከ300 በላይ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ሰርተፊኬቶች እንደነበሩ ጽፏል።