ቁጥሩ መጣ፣ ቀሚሱ ግን ከቤት አልወጣም

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ሴት ለወንድሟ ሠርግ የሐበሻ ቀሚስ ያዘዘችው ሜይ 14 ነበር። ሠርጉ ጁላይ 12 ስለሆነ የቸኮለች አልመሰላትም። ሻጯ ዳላስ፣ ቴክሳስ ተቀምጣ በቲክቶክና በቴሌግራም የምትሸጥ ሴት ናት። ቀሚሱ መነን ነው፤ ከታች ወርቃማና አረንጓዴ ጥበብ የተጣለበት፣ ነጠላው አብሮት ያለ። ዋጋው 280 ዶላር። «እጄ ላይ ነው ያለው የኔ ቆንጆ፣ በሁለት ሳምንት ቤትሽ ይደርሳል» አለቻት። 100 ዶላር ቀብድ በዜል ላከች፤ የቀረውን 180 ዶላር ሻጯ በላከችላት ሊንክ ገብታ በክሬዲት ካርድ ከፈለች።

ሐበሻ ቀሚስ ለሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊከነክነው ይገባ ነበር። ሻጯ የጠየቀቻት «ስሞል ነሽ ሚዲየም?» ብላ ብቻ ነው። የደረትም የወገብም ልክ አልጠየቀችም፤ ከሁሉም በላይ ቁመቷን አልጠየቀችም። የቀሚስ ጥበብ ሸማኔው ከጨርቁ ጫፍ ጋር አብሮ የሚሠራው ስለሆነ እንደ ሱቅ ልብስ ከታች ቆርጦ ማሳጠር አይቻልም፤ ጥበቡ አብሮ ይሄዳል። የሚያጥረው ከላይ፣ ከወገቡ በኩል ነው፤ እሱም ገና ሳይሰፋ ቢታወቅ ይሻላል። ቀሚሱ በእጇ ያለ ሻጭ ደግሞ ቢያንስ «ይሄ ለአንድ ሜትር ከስልሳ አምስት ሰው ነው» ማለት አያቅታትም። ልክ የማትጠይቅና ልክ የማትናገር ሻጭ ብዙ ጊዜ የምትሸጠው ፎቶ ነው። ፎቶው ደግሞ ሽሮ ሜዳ ካለ ሱቅ ገጽ ላይ የተወሰደ ሊሆን ይችላል።

ሜይ 19 በቴሌግራም የመከታተያ ቁጥር መጣላት። በ9 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ነው፤ የአሜሪካ ፖስታ ቤት የአገር ውስጥ ፓኬት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። «ተልኳል እህቴ፣ በዚህ ተከታተይው» የሚል ጽሑፍ አብሮት አለ። ቁጥሩን ፖስታ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስታስገባው ወጣ። ቁጥሩ የፈጠራ አይደለም፤ ከዳላስ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ፓኬት መሆኑን ያሳያል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ግን ይህ ነበር፦

`Shipping Label Created, USPS Awaiting Item`

ትርጉሙ ሌብሉ ተሠርቷል፣ ፖስታ ቤቱ ዕቃውን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። እሷ ያነበበችው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ቁጥር አለ፣ የከተማው ስም አለ፣ የሷ ዚፕ ኮድ አለ፤ በየቀኑ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ታየዋለች።

አንድ ሰው ፓኬት ለመላክ ፖስታ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር የተቀባዩን አድራሻና የፓኬቱን ክብደት ያስገባል፣ በካርዱ ይከፍላል፣ ሌብሉን አትሞ ሳጥኑ ላይ ይለጥፋል። መከታተያ ቁጥሩ የሚወለደው በዚያች ደቂቃ ነው፤ ሳጥኑ ይኑር አይኑር ማሽኑ አያውቅም። ላኪው ሐሳቡን ከቀየረ ደግሞ ያልተጠቀመበትን ሌብል በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ሰርዞ የከፈለውን ማስመለስ ይችላል። ስለዚህ ለሻጭ እንዲህ ያለ ቁጥር መስጠት የሚያስወጣው ወጪ ከሞላ ጎደል የለም።

ዕቃ ተላከ የሚባለው የፖስታ ሠራተኛ ሳጥኑን ተቀብሎ ሌብሉን ስካን ሲያደርገው ነው። ያኔ ስክሪኑ ላይ `Accepted` ወይም `USPS in possession of item` የሚል መስመር ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከከተማው ጋር ይወጣል። ይህን የመጀመሪያ ስካን ሠራተኛው የሚዘልበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ሻጭ ብዙ ፓኬት በአንድ ጆንያ አምጥቶ ሲጥል። እንዲያም ሆኖ ሳጥኑ ትልቁ መለያ ማዕከል ሲደርስ ማሽን ያነበዋል። ሌብል ከተሠራ በኋላ ሁለትና ሦስት ቀን ዝም ቢል የተለመደ ነው። ሳምንት ሙሉ አንድም ስካን ከሌለ ግን ሳጥኑ ፖስታ ቤት አልገባም ብሎ ማሰብ ያስኬዳል።

እሷ ይህን አታውቅም ነበር። ሜይ አለቀ። ስትጠይቅ ሻጯ «አይዞሽ፣ ፖስታ ቤቱ ነው ያጓተተው፣ መንገድ ላይ ነው» ትላታለች። ጁን አጋማሽ ላይ «ቁጥሩ አንቺም ጋ አለ አይደል እንዴ? እኔ ምን ላድርግ?» ወደሚል ተለወጠ። ይህ መልስ ብልጠት አለበት፤ ጥፋቱን ከሻጭ ወደ ፖስታ ቤት፣ የመከታተሉን ሥራ ደግሞ ወደ ገዢ ያዞረዋል።

ጁን 25 ምሳ ሰዓቷ ላይ ሰፈሯ ያለው ፖስታ ቤት ሄደች። መስኮቱ ላይ የነበሩት ትልቅ ሰው አበሻ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩን አስገቡና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስክሪኑን ወደሷ አዞሩት።

«ይሄን ፓኬት እኛ ጋ ያስገባው ሰው የለም» አሏት።

«ጠፍቶ ይሆን ጋሼ?»

«የሚጠፋው የተቀበልነው ነው፤ ይሄን አልተቀበልንም። ሌብል ብቻ ነው የተሠራው፣ ሜይ 19።»

ለጠፋ ፓኬት የሚሞላው ቅጽም እዚህ ላይ አይረዳትም። ፖስታ ቤቱ ሊጠየቅበት የሚችለው በእጁ የገባውን ነው።

ማታ ላይ የስክሪኑን ፎቶ ለሻጯ ላከችላት። ቆይቶ ረጅም የድምፅ መልእክት መጣ። ቀሚሱ እጇ ላይ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ሰው በሻንጣ ይዞ ሊመጣ ነበር፤ መንገደኛው ቀኑን ሁለት ጊዜ አራዘመ፣ በኋላም ሌላ ዕቃ ስለበዛበት ቀሚሶቹን ትቶ መጣ። ሌብሉን የሠራችው «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለች። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። የሐበሻ ልብስ ንግድ ከአገር ቤት ወደ ውጭ በብዛት የሚንቀሳቀሰው በመንገደኛ ሻንጣ ነው፤ ሸማኔው በሠርግና በበዓል ሰሞን ይዘገያል፤ አነስተኛ ሻጭም በአንዷ ደንበኛ ገንዘብ የሌላዋን ቀሚስ ትገዛለች። እኔ ሴትዮዋን ሌባ ለማለት አልቸኩልም። ግን ያልመጣን ቀሚስ «ተልኳል» ማለት መዘግየት አይደለም፣ ውሸት ነው።

ከድምፁ መጨረሻ ላይ ያለችው ነገር የበለጠ ያስፈራል፦ «እስከ ጁላይ መጨረሻ ታገሺኝ፣ ሙሉ ገንዘብሽን እመልሳለሁ።»

በአሜሪካ ሕግ በክሬዲት ካርድ የተከፈለበት ዕቃ በስምምነቱ መሠረት ካልደረሰ ገዢው ለባንኩ በጽሑፍ መቃወም ይችላል። ቀነ ገደቡ ግን አለ፤ ክፍያው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት የወር ስቴትመንት ከተላከ በኋላ 60 ቀን። የሷ ስቴትመንት የተላከው ሜይ 30 ነው። 60ው ቀን ጁላይ 29 ላይ ያልቃል። «እስከ ጁላይ መጨረሻ» ብላ ብትታገስ ኖሮ ሕጉ የሰጣት ጊዜ ያልፍባት ነበር። ሻጯ አስባበት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ካርድ የሚሰጡ ባንኮች በራሳቸው ደንብ ከዚህ የረዘመ ጊዜ የሚፈቅዱበት አጋጣሚም አለ። እየታገሱ የመቆየት ጥቅሙ ግን ሁልጊዜ ወደ ሻጭ ያጋድላል።

ሌላም ያላወቀችው ነገር አለ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ በኢንተርኔት የሚሸጥ ነጋዴ በገባው ቃል ጊዜ ውስጥ፣ ቃል ካልገባ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት ይላል። ካልቻለ አዲሱን ቀን ነግሮ የገዢውን ፈቃድ መጠየቅ ወይም ገንዘቡን መመለስ ይኖርበታል። ሁለት ሳምንት የተባለው ሜይ 28 አልቆ ነበር። እርግጥ ኮሚሽኑ አቤቱታ ይቀበላል እንጂ የአንድ ሰው 280 ዶላር አስመልሶ አይሰጥም። ገንዘቡ የሚመለስበት በር ባንኩ ነው።

ጁን 27 ለባንኩ ደብዳቤ ጻፈች። የማስታወቂያውን ፎቶ፣ «እጄ ላይ ነው ያለው» የሚለውን ጽሑፍ፣ የመከታተያውን ገጽ እና የድምፅ መልእክቱን በጽሑፍ ገልብጣ አያያዘች። ባንኩ መቀበሉን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ጉዳዩንም ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ መጨረስ አለበት። ሻጯ ለመከራከሪያ ያቀረበችው ያንኑ ቁጥር ነው። ባንኩ ከፈተው፤ ከሜይ 19 ወዲህ አንድም ስካን የለም። 180ው ዶላር ተመለሰ። ለሠርጉም ቨርጂንያ ያለች የአክስቷ ልጅ ቀሚሷን አዋሰቻት፤ ትንሽ ጠብቧት ነበር።

የቀብዱ ጉዳይ ሌላ ነው። ዜል ከአንድ ባንክ ሒሳብ ወደ ሌላ ባንክ ሒሳብ ወዲያው የሚገባ ገንዘብ ነው፤ የካርድ ሕግ አይደርስበትም። አዲስ አበባ በቴሌብር ለማያውቁት ሻጭ አስቀድሞ መላክም ብዙ አይለይም፤ እዚያ ግን ቢያንስ ሞተረኛው ልብሱን ይዞ ደጅ ሲደርስ አይቶ መክፈል የተለመደ ነው። ከዳላስ ሞተረኛ አይመጣም። ባንኩን ስትጠይቅ «ራስሽ ፈቅደሽ የላክሽው ስለሆነ መመለስ አንችልም» አሏት፤ ሻጯም እስካሁን ዝም ብላለች። ቀብዱን በዜል የላከችበት ምክንያት ሻጯ «በካርድ ከሆነ 3 በመቶ ትጨምሪያለሽ» ስላለቻት ነው። ለ100 ዶላር 3 ዶላር መሆኑ ነው። በቅርቡ ለልጇ ክርስትና ከሌላ ሻጭ ስታዝዝ ሙሉውን በካርድ ከፍላ 3 በመቶውንም ጨመረች፤ ከመክፈሏ በፊትም ሻጯ ቀሚሱን አንጥፋ፣ ከትከሻ እስከ ጥበቡ ጫፍ በሜትር እየለካች፣ የቀኑን ቀን በወረቀት ጽፋ ጎኑ አስቀምጣ ቪዲዮ እንድትልክላት ጠየቀች። ሻጯ ትንሽ አጉረመረመች፣ ግን ላከች።