«ልኬትዎን ይላኩ»

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የሚያሰፉ አንዲት እናት ስልካቸውን ሰጡኝና «እስቲ ልጄ፣ አንተ ደንበኛ ሁንና ቀሚስ እዘዝልኝ» አሉኝ። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ አስወጥተዋል፤ የሚጫነው ሰው ብዙ፣ የሚያዘው ግን ጥቂት ሆኖባቸዋል። ደንበኞቻቸው አብዛኞቹ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢና ዱባይ ያሉ ሴቶች ናቸው።

ማስታወቂያውን ስነካው ገጹ ተከፈተ። መጀመሪያ የመጣው ስክሪኑን ሞልቶ በራሱ ጊዜ የሚቀያየር ፎቶ ነበር። ቀጥሎ ሱቁ እንዴት እንደተመሠረተ የሚተርክ ረጅም ጽሑፍ አለ። ከዚያ «ቴሌግራም ቻናላችንን ይቀላቀሉ»፣ «ፌስቡክ ላይ ይከተሉን»፣ «ካታሎግ ያውርዱ»፣ «ይደውሉልን»፣ «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚሉ በተኖች ተደርድረዋል። ማዘዣው ያለው ከሁሉም በታች፣ ከአድራሻው ሥር ሲሆን በትንሽ ግራጫ ፊደል «ለትዕዛዝ እዚህ ይጫኑ» ይላል። እዚያ እስክደርስ ገጹን በአውራ ጣቴ አሥራ አንድ ጊዜ ገፋሁት።

ማስታወቂያ ተጭኖ የመጣ ሰው የሚያርፍበትን ገጽ የሙያው ሰዎች ላንዲንግ ፔጅ ይሉታል፤ ማረፊያ ገጽ ልንለው እንችላለን። ከተራ ድረ ገጽ የሚለየው ሥራው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። የመጣው ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ ይጠይቃል፤ ይመዝገብ፣ ይዘዝ ወይም ይደውል። ያ ጥያቄ የተግባር ጥሪ ይባላል። የእኚህ እናት ገጽ ስድስት ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፤ የሚፈልጉት አንዱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ንድፉን ከመንካታችን በፊት ተቀምጠን ተነጋገርን። «እትዬ፣ ሰው ከዚህ ገጽ ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ አድርጎ ቢሄድ ምን ቢሆን ይመርጣሉ?» አልኳቸው። መጀመሪያ «ይክፈለኝ» አሉ። ትንሽ አሰቡና ተዉት፤ ቀብድ የሚቀበሉት ጥለቱ ከተመረጠና ልኬቱ ከታወቀ በኋላ ነው። አይቷቸው የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ገንዘብ አይልክም። በመጨረሻ «ልኬቷን ከላከችልኝማ የእኔ ናት» አሉ። ገጹ የተሠራው በዚች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ሥራ ያለበት ቦታ ይህ ይመስለኛል፤ ብዙ ሰው በተኑን ለማሳመር ይቸኩላል እንጂ በተኑ የሚጠይቀው ነገር ከዚያ ሰው በዚያች ሰዓት ሊገኝ የሚችል መሆኑን አይመዝንም። ከአቅም በላይ የሆነ ጥያቄ ላይ ቢቀመጥም፣ አሥር ጊዜ ቢደጋገምም መልስ አያገኝም።

ጥያቄው ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት ሰው ገጽ እስከ መጨረሻ ስለማያነብ ነው። ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትሎ በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች አንድን ገጽ ከሚያዩበት ጊዜ 57 በመቶው ምንም ሳይገፉ በሚታየው የመጀመሪያ ስክሪን ላይ፣ 74 በመቶው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስክሪኖች ውስጥ ያልቃል። በ2010 ባደረጉት ተመሳሳይ ጥናት የመጀመሪያው ስክሪን ድርሻ 80 በመቶ ነበር። ሰው ገጽ መግፋት ለምዷል ማለት ነው፤ ግን አሁንም አብዛኛው ዓይን ያለው ላይ ነው። ጥናቱ የተሠራው በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ስለሆነ ቁጥሩን ለስልክ እንዳለ መውሰድ አይገባም። ስልክ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ስክሪን ከምናስበው ያነሰ ነው፤ የአድራሻው መስመር ከላይ፣ የስልኩ ቁልፎች ከታች ይቀንሱለታል። ፌስቡክ ውስጥ የሚከፈት ገጽማ የራሱን ርዕስ ጭምር ይጨምርበታል።

አዲሱን የመጀመሪያ ስክሪን በአራት ነገር ብቻ ሞላነው። ከላይ አንድ የማይቀያየር ፎቶ፣ ከስክሪኑ ከሲሶ ያልበለጠ። ከሥሩ «በልክዎ የተሰፋ የፈትል ቀሚስ፣ ያሉበት አገር ድረስ» የሚል ርዕስ። ከዚያ ዋጋው ከስንት እንደሚጀምርና በስንት ሳምንት እንደሚደርስ የሚናገር አንድ መስመር። ከዚያ በተኑ፦ «ልኬትዎን ይላኩ»። የሱቁ ታሪክ አልተጣለም፤ ወደ ታች ወረደ።

የበተኑ ጽሑፍ ከጠበቅሁት በላይ ጊዜ ወሰደ። አማርኛችን ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ በተኑ ጠብቦ ጽሑፉ ሲቆረጥ የሚጠፋው ዋናው፣ «አድርግ» የሚለው ቃል ነው። መጀመሪያ የጻፍነው «ለሐበሻ ቀሚስዎ የሚሆነውን ልኬት ይላኩልን» የሚል ነበር፤ በእትዬ ስልክ ላይ ሲከፈት «ለሐበሻ ቀሚስዎ የሚሆነውን…» ብሎ ቆመ። ምን እንደሚደረግ የሚናገር ነገር የለም። በሁለት ቃል ሲሆን ግን በጠባብ ስክሪንም ሙሉው ይነበባል። «ይላኩ» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ሌላም ጥቅም አለው፤ «ላክ» ወይስ «ላኪ» ከሚል ጣጣ ያድናል፤ ለሚስቱ የሚያዝ ባልም አይገለልም። «እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። መጫን የጣት ሥራ ነው፤ ሰውዬው ማወቅ የሚፈልገው ሲጫን ምን እንደሚሆን ነው።

ቀለሙ ላይ ተከራክረናል። እትዬ በተኑ እንደ ጥለቱ ወርቃማ እንዲሆን፣ ፊደሉ ነጭ እንዲሆን ፈለጉ። ያምራል፤ ግን አይነበብም። ለድረ ገጽ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ በተራ መጠን ባለ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት እንዲኖር ይጠይቃል፤ ነጭ በወርቃማ ላይ ከዚያ በታች ነው። ስልኩን ይዘን ደጅ ፀሐይ ላይ ወጣንና አሳየኋቸው፤ ፊደሉ ጠፋ። ወርቁን ለፎቶዎቹ ትተን በተኑን ጥቁር አረንጓዴ አደረግነው። ያን አረንጓዴ በገጹ ላይ ሌላ ምንም ነገር እንዳይለብሰው ተስማማን፤ ዓይን አንዴ ከለመደው ወደ ታች ሲወርድም «ያው እሱ ነው» ይላል። ከፍታውን ደግሞ ጉግል ለአንድሮይድ የሚመክረውን 48 ነጥብ ያህል፣ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ግድም አደረግነው፤ አውራ ጣት ሳይስት የሚያርፍበት ስፋት ነው።

አሁን ወደ መደጋገሙ እንምጣ። ብዙ ሰው መደጋገም ሲባል በየአንቀጹ ሥር በተን መለጠፍ ይመስለዋል። ያኔ ገጹ እጅ እየጎተተ እንደሚለምን ነጋዴ ይሆናል። እኛ ያደረግነው ሌላ ነው። እትዬን «ደንበኞች በስልክ ሲደውሉ መጀመሪያ ምን ይጠይቃሉ?» አልኳቸው። ያለ ማመንታት ቆጠሩልኝ፦ ስንት ነው? እንዴት ነው የምለካው? ባይሆነኝስ? ለፋሲካ ይደርሳል? ገጹ በዚሁ ቅደም ተከተል ተደረደረ። የዋጋው ጥያቄ ሲመለስ፣ በዋጋ ብቻ ስታመነታ የነበረች ሴት እዚያው ትወስናለችና በተኑ ከሥሩ አለ። ስለ ልኬት አወሳሰዱ ከተነገረ በኋላም አለ። ባይሆንስ ለሚለው፣ ስፌቱ ውስጥ ሊለቀቅ የሚችል ትርፍ ጨርቅ እንደሚተዉ ተብራርቶ ሲያልቅ እንደገና አለ። በመጨረሻም ከታሪካቸው በታች፣ ሁሉንም አንብባ ለጨረሰችው። ላይኛውን ጨምሮ አምስት ጊዜ መሆኑ ነው፤ ቃሉ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ መድረሻው አንድ። አንዱን «ይዘዙ»፣ ሌላውን «ያግኙን» ብንለው ሰው የተለያየ ነገር ይመስለውና እንደገና ማሰብ ይጀምራል።

በቴክኒክ በኩል ቀላል ነው። አምስቱም በተኖች እዚያው ገጽ ላይ ወዳለው ፎርም ይወስዳሉ፤ እያንዳንዱ ግን የት እንደቆመ የሚናገር ምልክት አለው።

```html
<a href="#lekit" data-from="waga">ልኬትዎን ይላኩ</a>
```

`data-from` ብቻውን አይቆጥርም፤ የገጹ መቁጠሪያ ምልክቱን አንብቦ የትኛው በተን እንደተነካ ይመዘግባል።

የቀሩት አምስት ጥሪዎችስ? «ካታሎግ ያውርዱ» እና «ተጨማሪ ያንብቡ» ወጡ። የቴሌግራም ቻናሉ ፎርሙ ከተላከ በኋላ ወደሚመጣው የምስጋና ገጽ ሄደ፤ ሰውዬው የተጠየቀውን ካደረገ በኋላ ሌላ መጋበዝ አይጎዳም። ፌስቡኩ ላይ ተከተሉን ማለት ከፌስቡክ ለመጣ ሰው መልሰህ ሂድ ማለት ስለሆነ ያለ ክርክር ተነሣ። የስልክ ቁጥሩን ግን ግርጌው ላይ በተራ ጽሑፍ አስቀረነው። አይቶ የማያውቀው ሱቅ ስልክ ከሌለው የሚጠራጠር ሰው አለ፤ ቁጥሩን ባይደውልበትም ማየት ይፈልጋል።

ገጹ ሥራ ላይ ሲውል አንድ ነገር አስደነገጠን። በተኑ ይነካል፤ በተለይ የላይኛውና ከልኬት አወሳሰዱ ሥር ያለው። ፎርሙ ግን ሳይላክ ይቀራል። ችግሩ ከበተኑ አልፎ ፎርሙ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እንዲህ ለይቶ ማየት ይጠቅማል፦ ሰው ገጹን እየገፋ ምንም ካልነካ የሚቀርብለት ነገር ወይም ጥያቄው አልገባውም፤ ነክቶ ካልጨረሰ ግን ከበተኑ በኋላ የሚጠብቀው ነገር ከብዶታል። የእኛ ፎርም አሥራ አንድ ልኬት ይጠይቅ ነበር፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ እጅጌ፣ ቁመት እያለ ይቀጥላል። ሥራ ቦታዋ ሻይ እየጠጣች ስልኳን የከፈተች ሴት ሜትር ከየት ታመጣለች?

መፍትሔው የእትዬ ነው። «ልክ የሚሆናትን ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርግታ ትለካው፤ ሰው ራሱን ሲለካ ሆዱን ይስባል» አሉ። ፎርሙ ስም፣ የዋትስአፕ ቁጥርና ሦስት ልኬት ብቻ ሆነ፦ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። ከሥሩም «ሜትር አጠገብዎ ከሌለ ስምና ቁጥር ብቻ ይላኩ፤ ማታ እናስታውስዎታለን» የሚል መስመር ገባ። የቀረውን ልኬት እትዬ በዋትስአፕ ይጠይቃሉ።

ቁጥር አነባበብ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ድሮ ከ300 ጎብኚ 6 ሰው ልኬት ይልክ ከነበረና አሁን ከ300 9 ቢልክ፣ በአንድ ተኩል እጥፍ አደገ ብሎ መፈንጠዝ አይቻልም፤ ሦስት ሰው በአጋጣሚም ይመጣል። ደግሞ የበዓል ሰሞንን ከጾም ወራት ጋር ማወዳደር ገጹን ሳይሆን የቀን መቁጠሪያውን መለካት ነው። ትንሽ ሱቅ ሳምንታት ጠብቆ፣ አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ ቢያይ ይሻለዋል።

እኔ መቁጠሪያውን በኮምፒዩተር ስከታተል እትዬ የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ከስፌት መኪናው አጠገብ ባለው ደብተር ላይ፣ ከእያንዳንዷ ደንበኛ ስም ጎን ልኬት የላከችበትን ቀንና ቀብድ የከፈለችበትን ቀን ይጽፋሉ። ባለፈው ስሄድ ሁለተኛው ዓምድ ባዶ የሆነባቸውን ስሞች በቀይ እስክሪብቶ አክብበው፣ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ እየደወሉላቸው ነበር።