ግማሽ ነጥብ ሲጎድል ለቅበላ ቢሮ የሚጻፍ ደብዳቤ

በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ የሚያመለክት ሰው የመጀመሪያ መልሱ ብዙውን ጊዜ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ተቀባይነት ነው። ትምህርት ክፍሉ አመልካቹን ወዶታል፤ የቀረው የእንግሊዝኛ ውጤት ነው። በአብዛኛው የሚጠየቀው በአይኤልትስ ፈተና አጠቃላይ 6.5 ሆኖ ከአራቱ ክፍሎች፣ ማለትም ከማዳመጥ፣ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመናገር፣ አንዱም ከ6.0 እንዳያንስ ነው። ብዙ አመልካቾች የመጀመሪያውን ቁጥር ያዩና ሁለተኛውን ሳያስተውሉ ያልፋሉ። ለቅበላ ቢሮ ደብዳቤ መጻፍ ግድ የሚሆነው ደግሞ በአመዛኙ በዚህ በሁለተኛው ምክንያት ነው።

ለምሳሌ በኅብረተሰብ ጤና ለማስተርስ ያመለከተች አንዲት ነርስ በማዳመጥ፣ በማንበብና በመናገር 6.5፣ በመጻፍ 5.5 አገኘች እንበል። ድምሩ 25፣ ለአራት ሲካፈል 6.25 ነው። በአይኤልትስ አሠራር አማካዩ በ.25 ሲያልቅ ወደ ላይ ወደ ግማሽ ነጥብ ስለሚጠጋጋ በውጤት ወረቀቷ ላይ 6.5 ተብሎ ይጻፋል። አጠቃላዩ ሞልቷል፤ መጻፉ ግን ግማሽ ነጥብ ጎድሎታል። አመልካቿ አልፌያለሁ ብላ ወረቀቱን ብቻ ከላከች፣ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣላት መልስ ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም የሚል ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ የመሰናዶው ኮርስ ምዝገባ ሊዘጋ ይችላል። ደብዳቤው ጉድለቱን ሳይደብቅ ቀድሞ መድረስ ያለበት ለዚህ ነው።

የመሰናዶ ኮርሱ በዩኒቨርሲቲዎቹ ዘንድ ፕሪ-ሴሽናል ይባላል። ዋናው ትምህርት በሴፕቴምበር ከመጀመሩ በፊት በበጋው ወራት የሚሰጥ ሲሆን፣ ርዝመቱ ጉድለቱን ይከተላል፤ ግማሽ ነጥብ ለጎደለው ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት አካባቢ፣ ከዚያ በላይ ለጎደለው እስከ ሃያ ሳምንት ሊሄድ ይችላል። ትምህርቱ ለአይኤልትስ ማስጠኛ አይደለም። ተማሪው ከመጻሕፍትና ከጆርናሎች ጠቅሶ ረጅም ጽሑፍ ማዘጋጀትን፣ ሌክቸር እያዳመጠ ማስታወሻ መያዝን፣ ሴሚናር ላይ ሐሳብ ማቅረብን ይለማመዳል። በመጨረሻ የራሱ የዩኒቨርሲቲው ምዘና አለ፤ እሱን ያለፈ ተማሪ በአብዛኛው ሌላ አይኤልትስ ሳይጠየቅ ወደ ዋናው ትምህርት ይገባል። ምዘናው ግን የሚጥልም ነው፤ መመዝገብ ብቻውን መግቢያ አይሆንም።

ደብዳቤው ታዲያ ምን ይላል? የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአንድ ገጽ ሊያልፍ አይገባም። በመጀመሪያው መስመር የማመልከቻ ቁጥሩ፣ የትምህርቱ ስምና የመግቢያው ዘመን ይገባሉ። ስም ላይ የኢትዮጵያ አመልካቾች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን አንዱ ፎርም ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም በቦታው ይሞላል፤ ፋይሉና የፈተናው ውጤትም ሳይገናኙ ይቀራሉ። በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ መጻፍና ከማመልከቻው የሚለይ ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሳወቅ ይበቃል።

ቀጥሎ ቁጥሮቹ ይመጣሉ፤ የደብዳቤው ልብም እዚህ ነው። የነርሷ ደብዳቤ ወደ አማርኛ ቢመለስ እንዲህ ይነበባል፦

«በተሰጠኝ ተቀባይነት ላይ አጠቃላይ 6.5፣ በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ 6.0 ተጠይቄያለሁ። ያገኘሁት አጠቃላይ ውጤት 6.5 ነው። በማዳመጥ፣ በማንበብና በመናገር 6.5 ሲሆን በመጻፍ 5.5 ነው። የውጤት ወረቀቱን አያይዣለሁ። በዚህ ውጤት ለፕሪ-ሴሽናል ኮርስ ብቁ መሆኔን፣ ብቁ ከሆንኩም የስንት ሳምንቱ እንደሚመለከተኝና የምዝገባው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ እንዲገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ይህ ደብዳቤ ምሕረት አይለምንም። የቅበላ ሠራተኛው በተለምዶ መስፈርቱን በራሱ ሥልጣን ዝቅ ማድረግ ስለማይችል፣ ረጅም ልመና የሚያመጣለት ነገር የለም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ግን ፋይሉን ወደ ቋንቋ ማዕከሉ የሚመራበት ምክንያት ይሰጠዋል። ስለ ውጤቱ ምክንያት መጻፍ የሚጠቅመው ማስረጃ ሲኖረው ብቻ ነው። በፈተናው ቀን ታምሞ የሐኪም ወረቀት የያዘ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው ማለት ግን አይጠቅምም፤ ፈተናው የተዘጋጀው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነውና። ከዚህ ይልቅ በሥራ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሪፖርት ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ካለ መጥቀሱ ይሻላል። ደብዳቤው ራሱ በመጻፍ ለወደቀች አመልካች ተጨማሪ ናሙና መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ስለዚህ ከመላኩ በፊት ደጋግሞ ማረም ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበትና ብዙዎች የሚረሱት የቪዛው ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ ማመልከቻ የሚሰጠው ካስ የተባለ ማረጋገጫ አለ። በብሪታንያ የተማሪ ቪዛ ደንብ ለዲግሪና ከዚያ በላይ ለሆነ ትምህርት ቢ2 የተባለው የቋንቋ ደረጃ ይጠየቃል፤ ይህም በአይኤልትስ በአራቱም ክፍሎች 5.5 ነው። ነርሷ በመጻፍ ያገኘችው 5.5 ለዩኒቨርሲቲው ባይበቃም ለቪዛው ደረጃ ይበቃል። በዚህ ሁኔታ ያለ አመልካች መሰናዶው ከሦስት ወር የማይበልጥ፣ ዋናውም ትምህርት እሱ ካለቀ በአንድ ወር ውስጥ የሚጀምር ከሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ለሁለቱም አንድ ካስ ሊሰጠው ይችላል። መጻፏ 5.0 ቢሆን ኖሮ ግን ለመሰናዶው አንድ ቪዛ፣ ለዋናው ትምህርት ሌላ ቪዛ ማመልከት ይመጣ ነበር፤ ለመሰናዶው የሚቀርበውም ውጤት ለቪዛ ከተፈቀዱት ፈተናዎች፣ ለምሳሌ አይኤልትስ ፎር ዩኬቪአይ ከተባለው፣ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ በደብዳቤው መጨረሻ «ለሁለቱ ኮርሶች አንድ ካስ ይሰጠኛል ወይስ ሁለት?» የሚል ጥያቄ መጨመር በኋላ የሚመጣ ወጪንና የጊዜ መጣበብን ያስቀራል።

መሰናዶው ነፃ አይደለም፤ ክፍያው በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ሲሆን የበጋው ኑሮ ተጨማሪ ነው። ስኮላርሺፕ ያገኘ ሰው ይህን ወጪ ለጋሹ ይሸፍን እንደሆነ ለይቶ መጠየቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው ዋናው ትምህርት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ደብዳቤውን ከመላክ ጎን ለጎን ርካሹን መንገድ ማየት ተገቢ ነው። ተፈታኙ ውጤቱ በስህተት ተቀንሷል ብሎ ካመነ ከፈተናው ቀን ጀምሮ በስድስት ሳምንት ውስጥ ዳግም እንዲታረም መጠየቅ ይችላል፤ ነጥቡ ከተለወጠ የከፈለው ገንዘብ ይመለስለታል። በኮምፒውተር የተፈተነ ሰው አገልግሎቱ ባለበት ማዕከል የወደቀበትን አንድ ክፍል ብቻ በ60 ቀን ውስጥ ደግሞ ሊፈተን ይችላል። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይህን ድጋሚ ውጤት ስለማይቀበል እሱም በዚያው ደብዳቤ ውስጥ በአንድ መስመር ይጠየቃል።

ነርሷ እንደገና ለመፈተን ከመረጠች ጉድለቱ የት እንደሆነ ማወቅ ይረዳታል። የአካዳሚክ አይኤልትስ የጽሑፍ ክፍል 60 ደቂቃ ሲሆን ሁለት ጥያቄዎች አሉት፤ አንደኛው ግራፍ ወይም ሠንጠረዥ በ150 ቃላት መግለጽ፣ ሁለተኛው በ250 ቃላት ሐሳብን አስረድቶ መጻፍ ነው። ሁለተኛው የሚይዘው ክብደት የመጀመሪያው እጥፍ ነው። ግራፉ ላይ ግማሽ ሰዓት ያጠፋ ሰው ትልቁን ነጥብ በተረፈ ጊዜ ይጽፋል።

ደብዳቤው የሚላከው በተቀባይነት ወረቀቱ ላይ በተጻፈው የቅበላ ቢሮ አድራሻ፣ ወይም ካለ በማመልከቻው ፖርታል በኩል ነው። ለፕሮፌሰሩ መላክ ፋይሉን አያንቀሳቅሰውም። በሳምንትና በአሥር ቀን መልስ ካልመጣ፣ አዲስ ደብዳቤ ሳይጻፍ በመጀመሪያው ላይ፣ የማመልከቻ ቁጥሩን በርዕሱ ደግሞ፣ አጭር ማስታወሻ መላክ ይበቃል።