ተጨማሪ መረጃ፦ ያልመጣው ማን ነው?

ከቱርክ ተከታታይ ድራማ ላይ የተወሰደ አንድ ስክሪንሾት እንመልከት። ከሥር ያለው ጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ጌልሜዲ»። የቀረው እሱ ይሁን እሷ ወይም የሚጠበቀው አውቶቡስ፣ ቱርክኛው አይለይም፤ የግሡ መልክ ለሁሉም አንድ ነው። አማርኛ ግን «አልመጣም» ወይም «አልመጣችም» ሳይል አያልፍም፤ የሚወራው ስለ ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ «አልመጡም» ይላል።

ስለዚህ ከመተርጎም በፊት ቀደም ብሎ የታየውን መስመር መፈለግ ያስፈልጋል። «እናትህ የት አለች?» የሚል ከተገኘ ነገሩ ተፈታ። በምስሉ ላይ የሚታየው ፊት ግን ያሳስታል፤ ብዙውን ጊዜ የተናጋሪው እንጂ የሚወራለት ሰው አይደለምና። ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው በሰረዝ ከጀመሩም የሁለት ሰዎች ንግግር ስለሆኑ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ማያያዝ አይገባም። የቀደመው መስመር ከጠፋ «አልመጣም/አልመጣችም» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ይሻላል።