ገንዘቡ ከባንክ ወጥቷል፤ ኢንሹራንሱስ አለ?

አሜሪካ ውስጥ የጤና ኢንሹራንስ ችግር ቶሎ የሚታየው ፋርማሲ ላይ ነው። ሐኪም ቤት ካርዱን አይቶ ያክምና ሂሳቡን ቆየት ብሎ ለኢንሹራንሱ ይልካል። ፋርማሲስቱ ግን መድኃኒቱን ከማስረከቡ በፊት በኮምፒውተር ይጠይቃል፤ መልሱም እዚያው ይመጣል። ለደም ግፊት መድኃኒቱ በየወሩ ጥቂት ዶላር ሲከፍል የኖረ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዋጋውን ሲጠየቅ፣ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «እኔ እኮ ከፍያለሁ» የሚል ነው። አልዋሸም ይሆናል፤ ገንዘቡ ከባንኩ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡ ከባንክ ወጣ ማለት ኢንሹራንሱ ዘንድ በስሙ ተመዘገበ ማለት አይደለም።

ይህ ጉዳይ ይበልጥ የሚነካው ከአሠሪ ኢንሹራንስ የማያገኙትን ነው። ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያላቸው፣ ቤታቸው ልጅ የሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ኢንሹራንሳቸውን የሚገዙት በተለምዶ ኦባማኬር በሚባለው፣ በ2010 በወጣው ሕግ በተቋቋመው ገበያ በኩል ነው። ቴክሳስ ያሉት የሚመዘገቡት HealthCare.gov ላይ ሲሆን፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲና ዋሽንግተን ስቴት የየራሳቸው ድረ ገጽ አላቸው። ገቢው ለድጎማ የሚበቃ ሰው ከወርሃዊው ክፍያ የተወሰነውን መንግሥት በቀጥታ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ይከፍልለታል፤ ቀሪውን ራሱ ይከፍላል።

የመጀመሪያው ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። HealthCare.gov ይመዘግባል እንጂ ገንዘብ አይሰበስብም። ወርሃዊ ክፍያው የሚሄደው ለኢንሹራንስ ኩባንያው ነው፤ የከፈለና ያልከፈለውም የሚታወቀው በኩባንያው መዝገብ ነው። ስለዚህ የመመዝገቢያው ድረ ገጽ ላይ ስምንና የተመረጠውን ፕላን አይቶ «ኢንሹራንስ አለኝ» ማለት አይበቃም። በተለይ አዲስ ገቢ ወይም ኩባንያ የቀየረ ሰው የመጀመሪያውን ወር በኩባንያው ቀን ገደብ ካልከፈለ፣ ኢንሹራንሱ ከነጭራሹ አይጀምርም። ምዝገባው እንዳልነበረ ይሰረዛል። ለመጀመሪያው ክፍያ ቀጥሎ የምናየው የሦስት ወር የእፎይታ ጊዜም አይሠራለትም።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ስውር ነው። ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ገብቶ Active የሚል ያየ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ድጎማ የሚያገኝና በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ የአንድ ወር ሙሉ ክፍያ የከፈለ ሰው አንድ ወር ቢያሳልፍ፣ የፌዴራሉ ሕግ የሦስት ወር እፎይታ ይሰጠዋል። በእነዚያ ሦስት ወራት ውሉ አልተሰረዘምና Active ማለቱ ሊቀጥል ይችላል። በመጀመሪያው ወር ኩባንያው የሕክምና ሂሳብ እንደወትሮው መክፈል አለበት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ግን ሂሳቡን ሳይከፍል እንዲያቆይ ይፈቀድለታል። ውዝፉ በሙሉ ሳይከፈል ሦስቱ ወራት ካለቁ፣ ኢንሹራንሱ የሚቋረጠው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይሆን ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ከመጀመሪያው የእፎይታ ወር መጨረሻ ጀምሮ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ጋርላንድ፣ ቴክሳስ የሚኖር አንድ ሾፌር ወርሃዊው ክፍያ 592 ዶላር ነው እንበል፤ 480 ዶላሩን መንግሥት ይከፍላል፣ 112 ዶላሩን እሱ። ከጃንዋሪ እስከ ማርች በካርዱ በየወሩ በራሱ እየተቆረጠ ተከፍሏል። በማርች መጨረሻ ባንኩ ካርዱን በአዲስ ይቀይርለታል። የኢንሹራንሱ መዝገብ ላይ ያለው የድሮው ቁጥር ነውና ኤፕሪል 1 ክፍያው ሳያልፍ ይቀራል። ኩባንያው በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይልካል፤ ደብዳቤው ከማስታወቂያው ወረቀት ጋር ተደባልቆ ሳይከፈት ይቀመጣል። የእፎይታው ጊዜ ከኤፕሪል 1 መቆጠር ጀመረ ማለት ነው፤ የሚያበቃው ጁን 30 ነው።

ሜይ 10 ላይ ሾፌሩ ነገሩን ሰምቶ በአዲሱ ካርድ 112 ዶላር ይከፍላል። ስልኩ ላይ «ክፍያዎ ደርሶናል» የሚል መልእክት ሲመጣ እፎይ ይላል። ኩባንያው ግን ያንን ገንዘብ የሚያውለው ለቆየው ዕዳ፣ ለኤፕሪል ነው። የሜይ ክፍያ አሁንም አልተከፈለም፤ ቆጠራውም እንደገና ከአንድ አይጀምርም። በከፊል መክፈል የእፎይታውን ማብቂያ ወደፊት አይገፋውም። ሜይ 20 ትርፍ አንጀቱ አስቸግሮት ሆስፒታል ገብቶ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ሆስፒታሉ ካርዱን ተቀብሏል፤ ኩባንያው ግን ሂሳቡን ሳይከፍል አቆይቶታል።

እስከ ጁን 30 የቀረውን የሜይና የጁን 224 ዶላር ቢከፍል ኖሮ፣ የቆየው የሆስፒታል ሂሳብ በውሉ መሠረት ይስተናገድለት ነበር። ሳይከፍል ስለቀረ ኢንሹራንሱ ኤፕሪል 30 እንዳበቃ ይቆጠራል፤ የሜይ 20ው ቀዶ ሕክምና ሂሳብም በሙሉ በእሱ ላይ ይወድቃል። ይህም ብቻ አይደለም። ባለመክፈል ምክንያት ኢንሹራንስ ማጣት ከመደበኛው ጊዜ ውጭ ለመመዝገብ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። ሌላ ምክንያት ካልመጣለት ኖቬምበር 1 ምዝገባ እስኪከፈት መጠበቅ አለበት፤ አዲሱ ኢንሹራንስም የሚጀምረው ጃንዋሪ 1 ነው።

ሾፌሩ ሜይ 10 ላይ አንድ ቀን አይቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ኩባንያው መዝገብ ላይ Paid Through የሚል መስመር አለ። እስከ የትኛው ቀን ድረስ እንደተከፈለ የሚነግረው እሱ ነው። በሾፌሩ መዝገብ ላይ 04/30 ይል ነበር፤ በሜይ ወር ውስጥ ሆኖ 04/30 ማየት ደግሞ ዕዳ አለ ማለት ነው። Active ከሚለው ቃልና «ደርሶናል» ከሚለው መልእክት ይልቅ የሚታመነው ይህ ቀን ነው። ድረ ገጹ ላይ ካልተገኘ በስልክ መጠየቅ ነው። ስልክ ቁጥሩ ካርዱ ጀርባ ላይ አለ፤ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል፤ አስተርጓሚው ያለ ክፍያ ነው። የመመዝገቢያው የHealthCare.gov ስልክ 1-800-318-2596 ላይም እንዲሁ አስተርጓሚ ይገኛል፤ እነሱ ግን ምዝገባውን እንጂ ክፍያውን አያዩም።

ስልኩ ላይ «ክፍያዬ ደርሷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ «አዎ» የሚል መልስ ያመጣል፤ ሾፌሩም ቢጠይቅ «አዎ» ይባል ነበር። የሚረባው ጥያቄ «እስከ ስንት ቀን ድረስ ተከፍሏል? በእፎይታ ጊዜ ውስጥ ነኝ ወይ? ከሆንኩ ሙሉ በሙሉ ለመውጣት ስንት ዶላር፣ እስከ መቼ መክፈል አለብኝ?» የሚለው ነው። መልስ የሰጠውን ሠራተኛ ስምና የጥሪውን መለያ ቁጥር ከነቀኑ መጻፍ በኋላ ክርክር ቢነሳ በጣም ይጠቅማል።

ገንዘቡ በእርግጥ ወጥቶ ያልተመዘገበበት ጊዜም አለ። ከባንክ አካውንት በቀጥታ የሚከፈል ክፍያ በመጀመሪያ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጣል፤ አካውንቱ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለ ግን ባንኩ ከአንድ ሁለት የሥራ ቀን በኋላ ይመልሰዋል። ቁጥሩ ትእዛዙ መላኩን እንጂ ገንዘቡ መድረሱን አያረጋግጥም። በባንኩ የቢል መክፈያ በኩል የሚላክ ደግሞ አንዳንዴ የወረቀት ቼክ ሆኖ በፖስታ ይጓዛል። ከሁሉም የሚያደናግረው ግን ፕላን ሲቀየር የሚሆነው ነው፤ የአባልነት ቁጥሩ አዲስ ሲሆን ባንኩ ውስጥ የተቀመጠው የድሮው ቁጥር ይቀራል፤ ገንዘቡም ኩባንያው ጋ ደርሶ የተዘጋው የድሮ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ጃንዋሪ ላይ ወርሃዊው መጠን ስለሚለወጥ፣ ያለፈውን ዓመት መጠን በራሱ እንዲልክ የተደረገ ባንክም በየወሩ ጥቂት ዶላር እያጎደለ ይቀጥላል። ባለፈው ዓመት ምንም የማይከፍል የነበረ ሰው በአዲሱ ዓመት ትንሽ ክፍያ ከመጣበት ይበልጥ ያሰጋዋል፤ የሚከፍለው እንዳለ እንኳ ላያውቅ ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም በቅድሚያ ከባንክ ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል። ቼክ ከሆነ የተመነዘረው ቼክ የፊትና የጀርባ ቅጂ፣ ከአካውንት የተላከ ከሆነ ባንኩ የሚሰጠው መከታተያ ቁጥር ገንዘቡ ማን እጅ እንደገባ ያሳያሉ። ባንኩ ላይ Pending የሚለው ገና በመንገድ ላይ ነው፤ Posted የሚለው ብቻ ይቆጠራል። ማስረጃውን ይዞ ኩባንያው ክፍያውን እንዲያፈላልግ ማመልከት፣ ካልሆነም ለስቴቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ አቤት ማለት ይቻላል፤ በቴክሳስ ይህ መሥሪያ ቤት የቴክሳስ ኢንሹራንስ ዲፓርትመንት ነው። እፎይታው ሊያልቅ የቀረበ ከሆነ ግን ፍለጋውን መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ገንዘብ ካለ የተጠየቀውን አሁን ከፍሎ ጠፋ የተባለውን በኋላ ማስመለስ ይሻላል። ድጎማ የሌለው ሰው ደግሞ የሦስት ወር እፎይታ የለውም፤ የሱ በስቴቱ ሕግ ነው የሚወሰነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ወር ገደማ ነው።

ውሉ ከተቋረጠም በኋላ ጣጣው በግብር ሰዓት ይመጣል። በዓመቱ መጀመሪያ የሚላከው 1095-A የሚባለው ቅጽ በየወሩ መንግሥት የከፈለውን ድጎማ ይዘረዝራል። ኩባንያው የሁለተኛውንና የሦስተኛውን የእፎይታ ወር ድጎማ ለመንግሥት ይመልሳል፤ የመጀመሪያውን ወር ግን ያስቀራል። ሾፌሩ ሜይ 10 ላይ ለኤፕሪል 112 ዶላሩን ስለከፈለ በዚህ በኩል ነፃ ነው። ያንን እንኳ ሳይከፍል ቢቀር፣ ግብር የማስገቢያው ቀን ሳያልፍ የኤፕሪልን ድርሻውን ካልከፈለ በስተቀር፣ መንግሥት የከፈለለትን የዚያን ወር 480 ዶላር እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችል ነበር።