ግምት ያመጣው 25

አዲስ ተማሪ መስከረም ላይ ሲመጣልኝ ከማስጠናቴ በፊት እፈትነዋለሁ። የተፈጥሮ ሳይንስ ከሆነ የቀደሙ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዎችን እሰጠዋለሁ፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። በቀን አንድ ትምህርት፣ ሰዓት ተይዞ። ከእያንዳንዱ መልስ ጎን ደግሞ አንድ ፊደል ያስቀምጣል፤ አውቆ ከሠራው «አ»፣ ከገመተ «ግ»።

የዚያች ፊደል ጥቅም የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጥያቄው አራት ምርጫ ስላለው ምንም ያላነበበ ሰውም ከመቶ ወደ 25 ያገኛል። ስለዚህ 27 ያመጣ ልጅ «ሃያ ሰባት ያህል ያውቃል» ማለት አይደለም። ወላጆች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይቀየራል።

አምና ያስጠናኋት ልጅ ውጤቷ እንዲህ ነበር፦ እንግሊዝኛ 44፣ ሒሳብ 27፣ አፕቲትዩድ 41፣ ፊዚክስ 26፣ ኬሚስትሪ 34፣ ባዮሎጂ 52። ድምሩ 224። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከ600 ግማሹ፣ ማለትም 300 ያስፈልጋል፤ 76 ይጎድላታል። ከፊዚክሱ 50 ጥያቄ 13 አግኝታለች፤ ከ13ቱ «አ» ያለባቸው ግን ሦስት ብቻ ነበሩ።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ ባዮን ልጨርሰውና ከዚያ ወደ ፊዚክስ ብንሄድስ?» አለችኝ። ሁሉም እንዲህ ይላሉ፤ ሰው የሚወደውን ማጥናት ይቀለዋል። ግን እያንዳንዱ ትምህርት ከመቶ ነው የሚታሰበው፤ የጥያቄው ብዛት ግን እኩል አይደለም። እኛ በሠራንባቸው ወረቀቶች ባዮሎጂ 100 ጥያቄ ስለነበረው አንዱ አንድ ነጥብ ነው፤ ፊዚክስ 50 ስለሆነ አንዱ ሁለት ነጥብ ያወጣል። ስለ ጨረራና ስለ ቬክተር ያሉ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ከባዮሎጂ ስድስት እንደመመለስ ነው።

ታዲያ ከፊዚክስ ጀመርን? አልጀመርንም። የተሳሳተቻቸውን አንድ በአንድ አብረን ከፈትናቸው። በተዳፋት ላይ ስለሚንሸራተት ሳጥን በሚጠይቀው ጥያቄ ቀመሩን በትክክል ጽፋለች፤ ሳይንና ኮሳይኑን ግን አቀያይራቸዋለች። በሌላው ደግሞ ፍጥነትን ከካሬው ሥር ማውጣት አቅቷታል። ፊዚክሱን የጣለባት ሒሳቡ ነበር፤ ያውም የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ። እኔም ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ይህን ሳላይ ሦስት ወር ሙሉ ፊዚክስ ብቻ አስጠንቼው ከ30 ብዙም ከፍ አላለም። ያ ጥፋት የኔ ነበር።

ስለዚህ መስከረምና ጥቅምት ለሒሳብ ሆኑ፦ እኩልታ ማዞር፣ ንጥጥር፣ የአሥር ርቢ፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ከዚያ ቬክተር። ኅዳር ላይ ፊዚክስ ገባ፤ ሒሳቡ ሳይቋረጥ። የካቲት ላይ ኬሚስትሪ፣ ከሞል ስሌት ተነሥተን፤ እሱም ንጥጥር ስለሆነ እጇ ለምዶት ነበር። የ12ኛ ክፍል ኢንተግራልን ሆን ብለን ተውነው፤ ለሚፈጀው ሳምንት የሚመልሰው ጥያቄ ጥቂት ነው። እንግሊዝኛ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ምንባብ ከነጥያቄው። አፕቲትዩድ ቅዳሜ ብቻ፣ በሰዓት።

አንድ ነገር ግን አመለጠኝ። ባዮሎጂ 52 ስለሆነች «ትጠብቀን» ብዬ ትቻት ነበር። መጋቢት ላይ ስፈትናት 41 ሆነች። ሌሎቹ በሠሩት ቁጥር እጅ ውስጥ ይቀራሉ፤ ባዮሎጂ የአራት ዓመት ስምና ሂደት ስለሆነች ካልነኳት ትተናለች። ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ለእርሷ ሰጠናቸው፤ ከሚያዝያ ጀምሮም ብዙውን ሰዓት ወሰደች። አሁን ለአዲስ ተማሪ ስጀምር ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት አንድ ማታ እሰጣታለሁ፤ አዲስ ምዕራፍ ለማንበብ ሳይሆን የቆየውን ለመጠየቅ ብቻ።

ግንቦት ላይ በሠራነው ሞዴል ፊዚክስ 48፣ ሒሳብ 46፣ ኬሚስትሪ 52፣ ባዮሎጂ 58፣ እንግሊዝኛ 50፣ አፕቲትዩድ 55፤ ድምሩ 309። ከቁጥሩ ይልቅ ያየሁት ፊደሉን ነው። በፊዚክሱ ወረቀት ካገኘቻቸው 24 መልሶች «አ» ያለባቸው 17 ነበሩ።

ዋናውን ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታ ወሰደች። ውጤቷ 304 ነበር።